ለሰይድ ያልመለስኩለት «እሺ»

እሳቱ ዙሪያ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ቆም ስል «እሺ» በሉኝ። ዝም ካላችሁ አልቀጥልም።

ነሐሴ ነበር። እሺ በሉ! ጦርነቱ መርሳ ገብቶ፣ እኛ ከነቤተሰባችን ሀብሩ ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ ተሸሽገናል። በዚያ ክረምት ጅቦቹ የሰው ሬሳ ለምደው ነበር። አንዷ ዋሻችን ድረስ ገብታ የታመሙ አሮጊት ጎትታ ወሰደች። በማግስቱ ጠዋት እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ልንገድላት ወጣን። ሰይድ ተረት አዋቂ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ከቦት ያመሻል።

ዱካዋን ጭቃው ላይ አገኘነው፤ የፊት እግሯ ሰፊ፣ የኋላው አነስ ያለ። ተከትለን ጉድጓዷ ደረስን። ሁለት አፍ አለው። ብንተኩስ መንገድ ላይ ያሉት ታጣቂዎች ይሰሙናል፤ ስለዚህ የያዝነው ጦር ብቻ ነው። እሱ ላይኛው አፍ ላይ እሳት አንድዶ እርጥብ ቅጠል ሊያጨስ፣ እኔ ታችኛው ላይ ልጠብቃት ተስማማን። ጉሙ ግን አያስተያይም።

«ተረት እነግርሃለሁ» አለኝ። «በየሐረጉ እቆማለሁ፤ እሺ በለኝ። ካልመለስክ ያንኑ እደግመዋለሁ። ሦስቴ ዝም ካልክ ጉድ ሆነሃል ማለት ነው፤ እመጣለሁ።»

ጭሱ ተነሳ። ድምፁም የሐረጉን መጨረሻ እየጎተተ ከላይ ወረደ።

«ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ...»

«እሺ።»

«መንገድም ወጡ...»

«እሺ።»

«ወንዝም ደረሱ...»

ጭንቅላቷ ብቅ አለ። ግማሽ አካሏ ገና ውስጥ ነው። ብመልስለት ትመለሳለች። እኔ ደግሞ በልቤ ፉከራዬን ጀምሬያለሁ፤ ገዳይ መባል አምሮኛል። ዝም አልኩ።

«ወንዝም ደረሱ...» ከፍ አድርጎ ደገመው። ዝም።

«ወንዝም ደረሱ! ኧረ አንተ!»

ዝም አልኩት፣ ልጆቼ። እያወቅሁ ዝም አልኩት።

ጦሩን ጥሎ፣ የሚጨስ እንጨት ይዞ እየሮጠ ወረደ። ጅቧ ተስፈንጥራ ወጣችና ታፋውን ያዘችው። ወጋኋት፤ ሞተች። ደሙ ግን በኩታዬ ብጠመጥመውም አልቆም አለ። ወልድያ ሆስፒታል እንዳልወስደው መንገዱ ዝግ ነው። ጭኔ ላይ አስተኛሁት።

«ታናሹ ተሻገረ...» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እሺ።»

«ታላቁን ጠራው...»

«እሺ። እሺ፣ ሰይድ። እሺ!»

ሌላ ሐረግ አልመጣም።

ሚስቱ ዘይነባ «እሳቱን ትቶ ለምን ወረደ?» አለችኝ።

«ጉሙ ድምፄን ዋጠው» አልኳት።

አመነችኝ። የጅቧን መገደል ሰምተው ሰዎች ሲያሞግሱኝ እሷም አብራ እልል አለች። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጓደኛችሁ ሲጠራችሁ መልሱ፤ አውሬው ቢያመልጥ ያምልጥ። እውነቱን ለዘይነባ የምነግርበት ወኔ አላገኘሁም። ከእናንተ አንዱ ቢነግራት አልቆጣም።