የወንድሜን አሟሟት ማን ይንገረው?

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርኩ። ግትር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። የትምህርት ቤታችን መጽሔት በስቴንስል ወረቀት ተመትቶ ሊባዛ ሲል አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ሰጠሁ። ልብ ወለድ ይባል እንጂ የወንድሜ ነገር ነበር። ከአንኮበር ገብስ በበቅሎ ጭኖ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሲወርድ፣ ጉም በያዘው ገደል ወድቆ የቀረው ታላቅ ወንድሜ። ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ከእኔ አንድ ክፍል በላይ የሚማር ልጅ ነበር። አነበበውና፣ «ግራ ያጋባል፤ ደግሞም ያሳዝናል። ልጁ ቢተርፍ ይሻላል» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ወንድሜን አንተ ነህ የምታተርፈው?» ብዬ ወረቀቴን ነጥቄው ወደ አማርኛ መምህራችን ሄድኩ።

መምህራችን ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀምጠው እንደገና አነበቡት።

«ልጁ ይሙት፤ የሆነውን አንዱንም አትንኪ» አሉኝ። «ግን የሚነግረኝ ማን ነው? መጀመሪያ እኅቱ 'ወንድሜ ሄደ' ትላለች። ወረድ ብሎ ጽሑፍሽ ልጁን 'አንተ ጎበዝ፣ ቁልቁለቱን ትወርዳለህ' ይለዋል። ገደሉ ላይ ደግሞ ራሱ ልጁ 'እግሬ ከዳኝ፤ እናቴ ድረሺልኝ' ይላል። እዚህ ወደቀ፤ ገጹን ስገልጥ ደግሞ ይወድቃል። አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትጥይው?»

«በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚነገረው» አልኩ።

እውነቴን ነበር። እናቴ አልቃሽ ናት። ለቅሶ ቤት ተጠርታ ሙሾ ስታወርድ አንዴ ሟቹን «አንተ» ብላ ታናግረዋለች፣ አንዴ ራሷ ሟቹን ሆና ትሰናበታለች፣ አንዴ በሕይወት እንዳለ ሰው «ይመጣል» ትላለች። እኔም ታሪክ መንገር የለመድኩት እሷን እየሰማሁ ነው።

ይህን ስነግራቸው አልሳቁብኝም። «ለቀስተኛው የማንን ሞት እንደሚያለቅስ ያውቃል» አሉ። «መጽሔቱን የሚያነብ ሰው ግን ለቅሶው ላይ አልነበረም። አንድ ሰው ምረጪና ከመነሻው እስከ መጨረሻው እሱ ይንገረን። ያላየውን፣ ያልሰማውን እንዳይነግረን። ድርጊቱም ያለፈ ነውና እንዳለፈ ይነገር። አርብ ስቴንስሉ ይመታል፤ ካልደረሰ በቃ፣ ይቀራል።»

ይቀራል? ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አይቀርም! ልጁ ሳይተርፍ፣ ታሪኬም ሳይቀር አደርሰዋለሁ አልኩ።

እኅቱን መረጥኩ። «ትወርዳለህ» ያልኩትን «ወረደ»፣ «ይጭናል» ያልኩትን «ጫነ» እያደረግሁ ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቴን አደነዘዘው፤ እስክሪብቶዬን በብብቴ እያሞቅሁ ጻፍኩ። ከመቸኮሌ የተነሳ ወንድሜ ሲሰናበተን «ማታ እመለሳለሁ» ያለውን ሳይቀር «ማታ ተመለስኩ» አደረግሁት። መምህራችን ሲያዩ፣ «ኧረ ንግግሩን ተይለት!» አሉ። «እሱ ሲናገር ማታው ገና ነበር።»

«ማታ እመለሳለሁ» ያለውን ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያም ቀጠልኩ።

ያስቸገረኝ ገደሉ ነው። ወንድሜ ሲወድቅ እኔ ደጃችን ላይ ቆሜ ጉሙን ነበር የማየው። እኅቱ ካልነበረች መውደቁን እንዴት ትንገረን? የሆነውን አልቀንስም ብያለሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩና መርዶ ያመጣልን የአልዩ አምባው ነጋዴ ትዝ አለኝ። በቅሎዋን እየሳበ ሽቅብ የመጣው እሱ ነው። እሱ ያለንን በእሱ አፍ ጻፍኩት፤ «በቅሎዋን ብቻዋን ቆማ አገኘናት። አፋፉ ተንዷል። ወደ ታች ስናይ ልጃችሁ መጫኛውን እንደጨበጠ ወድቋል። አላህ ያጽናችሁ።»

«እናቴ ድረሺልኝ» የሚለው ግን መግቢያ አጣ። ነጋዴው አልሰማውም። እኔም አልሰማሁትም፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰረዝኩት፤ አሳዘነኝና መልሼ ጻፍኩት፤ ኋላ ጥርሴን ነክሼ ሰረዝኩት።

ሐሙስ መምህራችን አነበቡና፣ «አሁን ተከተልኩሽ» ብለው ብቻ መለሱልኝ። ልጁ ሞቷል፣ በቅሎዋ ተመልሳለች፣ ቀብሩም አለ፤ ከሆነው ነገር አንድም አልጎደለም። አዘጋጁም አርብ ዕለት ተቀበለኝ፤ ልጁ ይትረፍ ያለውን ዳግመኛ አላነሳብኝም።

መጽሔቱ እንደወጣ እናቴ ልትጠይቀኝ ከአንኮበር መጣች። ማንበብ አትችልም። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ለሰው ልጅ ሁሉ ሙሾ ስታወርድ የኖረች ሴት፣ ለራሷ ልጅ ቀብር ላይ ቃል አልወጣትም ነበር። ስጨርስ ወረቀቱን አየችው።

«ሲወድቅ ጠርቶኝ ነበር?» አለችኝ።

«የሰማ ሰው የለም፣ እምዬ።»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው።

«ጠርቶኝም ከሆነ አልሰማሁትም» አለች፤ ከዚያም ለልጇ አለቀሰች።