ማኅተሙ ያልተነካ ፖስታ

ቦሌ መድኃኔዓለም በነበረው መሥሪያ ቤታችን፣ ኦዲተር በመጣ ቁጥር ካዝናው ተከፍቶ አንድ የታሸገ ፖስታ ይታይ ነበር። ውስጡ የአደጋ ጊዜ አካውንት የይለፍ ቃል አለ፤ ሁላችንም ከሲስተሙ ውጭ ብንቀር ብቻ የምንገባበት። ማኅተሙ ተነክቷል? አልተነካም። በቃ፣ ፈተናውን አለፍን። ከፍተን እንሞክረው፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀይረን እንደገና እናሽገው ብዬ አፌ እስኪደርቅ ለመንኩ። አለቃዬ «ያልታመመ ሰው ሆድ ይቀደዳል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ጠዋት የሲስተሙን የመግቢያ ደንብ ስንቀይር ተሳሳትንና ራሳችንን ጭምር ውጭ ቆለፍን። አለቃዬ ፖስታውን ቀደደች፤ ገባን፤ ደንቡን መለስነው። ሁሉም እፎይ አለ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ አካውንቱ ሲከፈት ለሁላችንም ሊደርሰን የሚገባው ማስጠንቀቂያ ለማናችንም አልደረሰም።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የደወሉት በቅርቡ የቀበርነው ባልደረባችን ባለቤት ናቸው። አካውንቱን ያዘጋጀው እሱ ነበር። ዘመድ አዝማድ ይደውላል ብለው የሱን ስልክ አልዘጉትም።

«ልጄ፣ በሱ ስልክ ‹የአደጋ ጊዜ አካውንት ተከፍቷል› የሚል መልእክት መጣ። ምን ሆናችሁ?»

ለካ ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ለሟች ብቻ ኖሯል።

«እኛ ነን፣ አይስጉ» አልኳቸው።

«እሰይ። ባለፈው ሳምንትም ሲመጣ እናንተ ናችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

የተቀደደው ፖስታ አሁንም ከአለቃዬ እጅ አልወረደም። ጠዋት ከካዝናው ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ማኅተሙ አልተነካም ነበር።