ያልተተመነው ቦይ

ሥርጉት አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሦስቱን የጨረሰችው የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጣ ነው። ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ላይ በተከራየ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ደመወዟ ትንሽ፣ ምላሷ ረጅም ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው አለቃዋ፣ ጓድ ደምመላሽ፣ እሷን ግን «እትዬ» ነው የሚላት። ምን ያድርግ! ያለሷ ሥራው አንድ እርምጃ አይራመድለትም።

የድርጅቱ ቦርድ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሐምሌ፣ ኮምቦልቻ ይሰበሰባል። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ገሚሶቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጡና ሳይውሉ ሳያድሩ ለመመለስ ይቸኩላሉ። በአንድ ቀን አርባ ማመልከቻ ያያሉ። ያያሉ ስላችሁ እንዳትሞኙ። ማመልከቻው ሃያ ገጽ ይሁን ሃምሳ፣ የሚያነቡት ከፊቱ የተያያዘችውን አንዲት ገጽ ነው። የሽፋን ማስታወሻ ይሏታል። ዓላማው ምንድን ነው፣ ስንት ብር ይፈጃል፣ ከዚያ ውስጥ ሕዝቡ ምን ያህሉን ይችላል፣ መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። የሰው ጭንቅ በአንድ ገጽ! ያቺን ገጽ የምታዘጋጀው ደግሞ ሥርጉት ናት፤ ማመልከቻውን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ቢኖር እሷው ብቻ ናት።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ሠላሳ ስምንት ማመልከቻ ተከምሯል። ቦርዱ የሚሰበሰበው በሦስተኛው ቀን ነው። ሠላሳ ሰባቱን ጨርሳ አንዱ ላይ ተገተረች። ከቢስቲማ በታች ካለ የገበሬ ማኅበር የመጣ ነው። ጨፌ የሚሉት ምንጭ አለ፤ ሰውም ከብትም አንድ ላይ ይጠጣበታል፣ ልጆች ይታመሙበታል። ምንጩ በሲሚንቶ ይታጠርልን፣ ውኃው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በቧንቧ ወርዶ መንደሩ አጠገብ ቦኖ ይተከልልን ነው የሚሉት። ዓላማው ጥርት ያለ ነው። ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብሩም ለሲሚንቶ፣ ለቧንቧና ለግንበኛ ተብሎ በወግ ተዘርዝሯል። «የሕዝቡ መዋጮ» የሚለው መስመር ላይ ግን አንዲት ሰረዝ ብቻ ተሰምራለች።

«ምነው ጎበዝ!» አለች ሥርጉት ለብቻዋ። የቦርዱን ሕግ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሕዝቡ የወጪውን ሩብ፣ በገንዘብ ካልሆነም በጉልበት ካልሸፈነ፣ ማመልከቻው ወደ ሐምሌ ይገፋል። ሰረዝ ያለበትን ገጽ ሰብሳቢው ሁለተኛ አያየውም።

እንደ ዕድል ሆኖ ባለጉዳዮቹ ደሴ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ደረጃውን ወጥተው መጡ፤ የውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሸህ ኑርሁሴን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከኋላቸውም የሟች ልጃቸው ሚስት ኡሙሰልማ። ኡሙሰልማ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆናለች፤ ማመልከቻውን በእጇ የጻፈችው እሷ ናት።

«ሸህ ኑርሁሴን፣ ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት?» አለቻቸው ሥርጉት ወንበር ስባ ካስቀመጠቻቸው በኋላ። «ሕዝቡ ምንም አያደርግም ማለት ነው?»

«የሚጻፍ የለም፣ ልጄ።»

«አሸዋ አታቀርቡም? ድንጋይ? ቦይስ ማን ሊቆፍርላችሁ ነው?»

ኡሙሰልማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አማቷን ታያለች፣ መሬቱን ታያለች። ሥርጉት ነገር ሲሸሸጋት አትወድም፤ ተናደደች።

«እንግዲህ ልንገርዎት! በዚህ ሰረዝ ከሄደ ወደ ሐምሌ ይገፋል። ሐምሌ ላይ ቢፈቀድ እንኳ ክረምት ነው፣ ሥራው የሚጀመረው በሚመጣው በጋ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ማለት ነው።»

«ያ ረቢ!» አለች ኡሙሰልማ። «በልግ ከዘነበበትማ ቦዩ በሙሉ ይደፈናል!»

ቃሉ ከአፏ አምልጦ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ሥርጉት እጇን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሣች። «የቱ ቦይ?» አለች።

ሸህ ኑርሁሴን ረጅም ትንፋሽ ለቀቁና ነገሩን ከሥሩ አወጡት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከማኅበሩ ሁለት መቶ አርባ ሰው ሞቷል። አብዛኛው ሲሞት በወጉ ሰደቃ የሚያወጣለት አልነበረም፤ ከየት ይምጣ? አምና እህል ትንሽ ሲይዝላቸው ተሰብስበው መከሩ። ውኃ ከሰደቃ ሁሉ ይበልጣል፣ የሞቱብንን በውኃ እንዘክራቸው አሉ። ለእያንዳንዱ ሟች አሥር ክንድ ቦይ ተመደበ። የልጁን አሥር ክንድ አባት ቆፈረ፣ የባሏን ሚስት ቆፈረች። አርብ አርብ ዱዓ አድርገው ይወርዳሉ፣ ለሟቹ ነው ብለው በልባቸው ንያ ይይዛሉ፣ ይቆፍራሉ። ድንጋዩና አሸዋውም በዚሁ ንያ ተከምሯል።

«እኔም የልጄን አሥር ክንድ በዚህ እጄ ቆፍሬያለሁ» አሉ ሸህ ኑርሁሴን። «አሁን አንቺ ይህን በብር ተምነው ይጻፉ ትይኛለሽ። ለሙት የሰጠሁትን ይህን ያህል ያወጣል ብዬ ሰው ፊት ላቅርበው? አጅሩ፣ አላህ የሚከፍለው፣ የት ሊደርስ ነው? ወላሂ አይሆንም። ውኃው ይቅር።»

«እንዴት ይቀራል! ልጆቹስ?» አለች ሥርጉት፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሯል። ንዴቷ የት እንደ ገባ አታውቅም። ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ተናገረች። «እኔም አለኝ። አንድ ልጅ ነበረኝ። በሰባ ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ወሰዱት። መቃብሩን አላውቀውም። ለድሃ ቁራሽ ስሰጥ በሆዴ ለእሱ ነው እላለሁ፤ ስንት አወጣሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይገባኛል፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት ዝግ ብለው። ኡሙሰልማ ታለቅሳለች።

ሥርጉት ዓይኗን ጠረገችና ወረቀቱን ጎትታ ማሰብ ጀመረች። መተመን ካልተቻለ ሳይተመን የሚገባበት ቦታ መኖር አለበት። ገጹ ላይ ዓላማ አለ፣ በጀት አለ፣ የጊዜ ሰሌዳ አለ። የጊዜ ሰሌዳ! ማመልከቻው ሥራው አምስት ወር ይፈጃል ይላል፤ ሦስቱ ወር የቦይ ቁፋሮና የድንጋይ ማጓጓዝ ነው። ያ ደግሞ ተሠርቶ አልቋል።

«ቦዩ ሙሉ በሙሉ ተቆፍሯል?» አለች።

«ከሃምሳ ክንድ በቀር» አለች ኡሙሰልማ። «የጀላል ቤት ነው፤ እሱ፣ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቹ። የሚቆፍርላቸው ዘመድ አልተረፈም። ቧንቧው የመጣ ዕለት ሁላችንም አንድ ላይ እንቆፍርላቸዋለን ብለን አቆይተነዋል።»

ሥርጉት በጽሕፈት መኪናው መታች። በጊዜ ሰሌዳው ሥር፣ «የቦይ ቁፋሮ፤ ከሃምሳ ክንድ በቀር ተጠናቋል። ቀሪው ቧንቧው በደረሰበት ቀን ይቆፈራል። ድንጋይና አሸዋ፤ በቦታው ተከማችቷል። ቀሪ ሥራ ሁለት ወር፤ የበልግ ዝናብ ሳይጠና ካልተጠናቀቀ ቦዩ ይደፈናል።» ሰረዟን ሰርዛ በምትኩ፣ «በገንዘብ አልተተመነም፤ የጊዜ ሰሌዳውን ይመልከቱ» ብላ መታች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ማን እንደ ቆፈረው አልተጻፈም?» አሉ ሸህ ኑርሁሴን።

«አልተጻፈም።»

«ዋጋውስ?»

«አንድም ሳንቲም የለበትም።»

«አልሐምዱ ሊላህ! እውነቱን ብቻ ከሆነ እውነቱ ይሂድ» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ።

በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ላይ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሥርጉት ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ከደምመላሽ ኋላ ተቀምጣለች። የጨፌ ምንጭ ተራው ሲደርስ ምሳ ተቃርቧል፣ ሰዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሰብሳቢው ገጹን አንሥቶ ዓይኑ በጀቱ ላይ አረፈና ፊቱን አጨማደደ።

«አልተተመነም ምን ማለት ነው? ሩብ መዋጮ የሌለው ወደ ሐምሌ ነው» አለና ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርግ ሲል፣ የሥርጉት ብዕር ቆመ። ጸሐፊ ስብሰባ ላይ አይናገርም። እሷ ግን ልቧ አልቻለም።

«ጌታዬ፣ ከታች ያለውን ያንብቡልኝ!»

ደምመላሽ ወደ ኋላ ዞሮ አፈጠጠባት። ሰብሳቢው ግን አነበበ፤ ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ቦይ ተቆፍሯል? ገና ሳንፈቅድ? ማን ቆፈረው?»

«የቆፈሩት ሰዎች እንዳይጻፍ ለምነውኛል። ሥራውን ግን ሰው ልካችሁ እዩት፤ ከሌለ እኔን አባሩኝ።»

«እትዬ!» አለ ደምመላሽ ጥርሱን ነክሶ።

ከአባላቱ አንዱ፣ ሲሚንቶና ቧንቧ ሲያስገዛ ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ ሳቅ አለ። «ይህ ቦይ እውነት ካለ፣ ጉልበቱ ሩቡን አልፎ ሄዷል። ቴክኒሻኑ ይሂድና ይየው፤ ካለ ይፈቀድ» አለ። በዚሁ ተወሰነ። ሥርጉትም ውሳኔውን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች።

ቴክኒሻኑ ገብረ ማርያም ሄዶ ለካ። ያየውን አላመነም፤ ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ነበር። የካቲት መግቢያ ላይ ቧንቧው ተፈቀደና ሸህ ኑርሁሴን ሊፈርሙ ደሴ መጡ። ፈርመው ሲያበቁ አልሄዱም፤ ሥርጉት ጠረጴዛ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ጎድሎናል» አሉ። «ያን ልጅሽን ማን እንበለው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን ጮክ ብላ አልጠራችውም። መጀመሪያ ስለ ፈራች፣ ኋላ ደግሞ ልማድ ሆኖባት።

«ቀለሙ» አለች።

«ቀለሙ» አሉ ሽማግሌው፣ እንዳይረሱት ይመስላል፣ ሁለት ጊዜ ደጋግመው። ሌላ ነገር ሳይናገሩ ደረጃውን ወረዱ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የማጠናቀቂያው ሪፖርት መጣ። ውጭ የበልጉ ዝናብ ይወርዳል። ደምመላሽ ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዋ ጋ ቆመ።

«እትዬ ሥርጉት፣ ይህ ገብረ ማርያም የሚሉት ሰው መቁጠር አይችልም እንዴ? ዕቅዱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ነው። እሱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አምስት ብሏል። ከተራፊ ቧንቧ ተቀጥሎ ቦኖው ወደ መንገዱ ዝቅ ብሏል ይላል፤ መንገደኛ እንዲጠጣ ነው አሉት አሉ። አምስት ሜትር ከየት መጣ? ስህተት ነው፤ አርሚውና ምቺው።»

ሥርጉት ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሩን አየችው። አምስት ሜትር፣ አሥር ክንድ ነው። እንባዋ ቁጥሩ ላይ ጠብ አለ።

«ስህተት አይደለም» አለችው። ቀና ብላም ሳታየው፣ ቁጥሩን እንዳለ መታችው።