የአስሩ ሪያል ጉዳይ

መልእክቱ የደረሰን ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው በቆመበት ሰዓት ነው። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ገንዘብ መላኳን የምታሳውቀን በድምፅ ነበር። «ልኬያለሁ፣ ቁጥሩ ይኸውላችሁ፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ትላለች፤ ከኋላዋ የምታጥበው ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። የዚያን ዕለት ግን ጽፋ ላከች። ያውም ለእኔ ሳይሆን፣ ደንበኞች «መብራት መጣ ወይ?» እያሉ በሚደውሉበት በወፍጮ ቤቱ ስልክ።

አባቴ ፊደል ቢያውቁም የስልክ ጽሑፍ አይታያቸውም። ስለዚህ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እያዳመጡ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦

«አሰላሙ አለይኩም። ለሁለተኛው ወፍጮ ሦስት ሺህ ሪያል መድቤያለሁ። የመላኪያው ሃያ ሪያል ነው። አስሩን እኔ ከኪሴ ጨምሬ ከፍያለሁ፤ አስሩ ከወፍጮው ገንዘብ ላይ ተነሥቷል። ስለዚህ የተላከው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሪያል ነው። አንዱ ሪያል በሠላሳ አምስት ብር ተመንዝሮ አንድ መቶ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ትቀበላላችሁ። ከዚህ ካነሰ ሳትፈርሙ ደውሉልኝ።» ከሥሩ የሚስጥር ቁጥሩ ነበር።

«የአስሩን ድገመው እስቲ» አሉ አባቴ።

ደገምኩት። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ለዘጠኝ ዓመት የላከችውን ገንዘብ ከባንክ የማወጣው እኔ ነኝ። አንድም ቀን መላኪያው ስንት እንደሆነ ነግራን አታውቅም፤ እኛም ጠይቀናት አናውቅም። ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው እስከ ሃምሳ ብሯ ድረስ ተሰልቶ የሚጻፈው? «ከዚህ ካነሰ» ማለትስ ማን እንዲያንስ ያደርገዋል ብላ ነው? ሌባ ተባልኩ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለፈው ዓመት ለራሴ የገዛሁት ጃኬት ትዝ አለኝና፣ ማን ነገራት እያልኩ የጎረቤቶቻችንን ፊት አንድ በአንድ በሐሳቤ መረመርኩ። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ጃኬት ነበር።

ባንክ ቤት ሄጄ መታወቂያዬንና ቁጥሩን ሰጠሁ። ገንዘብ ከፋይዋ የላኪዋን ሙሉ ስም ጠየቀችኝና ወረቀቱን አወጣችልኝ። ልክ አንድ መቶ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ። አንዲት ብር አልጎደለም። ጎድሎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምቆጣበት ነገር አገኝ ነበር። ልክ መሆኑ ይበልጥ ግራ አጋባኝ።

ስመለስ አባቴ ሐሳባቸውን ጨርሰው ጠበቁኝ።

«ከዚህ ላይ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር አንሣና እዚህ ባንክ ባላት በራሷ ደብተር አስገባላት። አስሩ ሪያል ማለት እሱ አይደል? ከዚያ ጻፍላት። የመላኪያው ሁሉ በእኛ ነው፣ አንቺ ምንም አታወጪም በላት።»

ደስ አለኝ። ኩራት መሰለኝ። ልጃቸው ባዕድ አገር ስትለፋ አስር ሪያል አስከፈሏት ከሚባል ሌላ አስር ቢያወጡ የሚመርጡ ሰው ናቸው፤ ይሉኝታቸው አገር ያውቀዋል። ተመልሼ ሄጄ ብሩን አስገባሁ፤ እንዳሉኝም ጻፍኩ። «እግዜር ይስጥልን» የምትለዋን ብቻ ከራሴ ጨመርኩ። ለእስላም ቤት ምን ነካህ እንዳትሉኝ፤ በእኛ አገር ቃሉ የሁሉም ነው።

መልስ የለም። ረቡዕ የለም፣ ሐሙስ የለም። አርብ ለደሴው ነጋዴ የሁለተኛውን ወፍጮ ቀብድ ከፈልን። ሽሮና በርበሬ ለማስፈጨት መጥተው «እህል ብቻ ነው» ስንላቸው ፊታቸውን አጥቁረው የሚሄዱት ሴቶች ከእንግዲህ እኛው ዘንድ ሊያስፈጩ ነው። ቤቱ ሊደሰት ሲገባው እኔ መልእክቱን እየከፈትኩ እዘጋለሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

እሑድ በእኔው ስልክ ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«አስወጣችሁኝ አይደል?» አለች።

«ከምን?»

«ከወፍጮው ነዋ!»

ምንም አልገባኝም። የተሰደብኩት እኔ ሆኜ ሳለሁ ከሳሿ እሷ መሆኗ አናደደኝ። «እቴ፣ ሌባ አድርገሽኝ የጻፍሽው አንሶ ነው?» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «አንተን ማን አነሣህ? እኔ እኮ መግባቴ ነበር። እስከ ዛሬ ስሰጣችሁ መላኪያውን ብቻዬን ነበር የምከፍለው፤ ስጦታ ስለሆነ። ይሄኛው ስጦታ አይደለም። ሸሪክ ልሁን ብዬ ነው። ለዚህ ነው ወጪውን እኩል ያደረግኩት፤ ለዚህ ነው እስከ መጨረሻው ብር የጻፍኩት። ነገ ስመለስ ምን ይዤ ልቀመጥ?»

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልጻፍሽውም?»

«ለአባቴ ድርሻ ስጡኝ ብዬ ልጻፍ? ከአፌስ ይወጣል? እሳቸው ያውቁታል ብዬ ነው። ወግዲ ያሉትን ላሞች ረሳህ?»

አልረሳሁም። አባቴ ወግዲ ላሉ ገበሬዎች ላም ለርቢ ይሰጣሉ፤ ላሟ የእሳቸው፣ አርቢው ገበሬው፣ የተወለደው ጥጃ የሁለቱም። ጨውና መድኃኒት ሲገዛ ግማሽ ግማሽ ነው። አንድ ጊዜ ገበሬው የመድኃኒቱን ድርሻ ሊከፍል ሲመጣ አባቴ «ተወው፣ እኔ ችዬዋለሁ» ሲሉት፣ ሰውየው ደንግጦ ብሩን በግድ እጃቸው ላይ ሲያስጨብጣቸው አይቻለሁ። ያኔ ጨዋነቱ ገርሞኝ ነበር። ወጪውን ያልተጋራ ጥጃውንም እንደማይጋራ አልገባኝም ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ስልኩን ዘግቼ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ወፍጮው ቆሟል፤ ድንጋዩን ይወቅራሉ። የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። «አላወቁም ነበር አይደል?» አልኩ፤ አላወቅሁም እንዲሉኝ እየለመንኩ።

መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ገና የአስሩን ስታነብልኝ ነው ያወቅሁት። እሷ ነገ ባል ታገባለች፤ ባዳ ሰው በወፍጮው ይገባብሃል። ወፍጮው ያንተ ነው፤ ለአንተ ብዬ ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ ደስ አለኝ። ሁለት ወፍጮ፣ ሁለቱም የእኔ። ደስታው ወዲያው አሳፈረኝ፤ ማፈሬ ግን ደስታውን ጨርሶ አላጠፋልኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ግራ የሚገባኝ እሱ ነው። በእህቴ የዘጠኝ ዓመት እጥበት የተገዛ ወፍጮ ለእኔ ሲሰጠኝ፣ ያስወጣትን መልእክት የጻፍኩት በገዛ ጣቴ ነው፤ ምርቃትም ጨምሬበታለሁ።

እዚያው ፊታቸው ቆሜ የወፍጮ ቤቱን ስልክ አወጣሁና ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «አንድ መቶ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ደርሶናል። ከመላኪያው አስር ሪያል ካንቺ፣ አስር ከወፍጮው ነው። ደብተርሽ ላይ የገባው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር በስህተት ነው፤ ለሚቀጥለው መላኪያ ያንቺ ድርሻ ይሁን።»

አባቴ ላክም አላሉ፣ ተውም አላሉ። መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ላክሁት።

መልሷ ወዲያው መጣ። «አባባ ያውቃሉ?» ነበር የሚለው።

«ያውቃሉ» ብዬ ጻፍኩ። ተስማምተዋል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።