የማን ፊርማ ነው የቀረው?

እዚህ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ ያለ ትልቅ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ለልጄ ደውሎ «ተመርጠሃል፤ የቅጥር ደብዳቤህ እሑድ ይደርስሃል» ባለው ቀን፣ ዜናውን ለጎረቤታችን ለማድረስ የወሰደብኝ ጊዜ ነጠላዬን እስክደርብ ብቻ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደብዳቤ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሳገለግል ያልተፈረመ ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የልጄን ጉዳይ ግን ሳይፈረም ለሰፈር አሠራጨሁት።

የሥራ ሳምንታችን የሚጀምርበት እሑድ መጣ፤ ደብዳቤው አልመጣም። ቅጥሩን የምትከታተለው ሴት መጀመሪያ «በዚህ ሳምንት» አለችው፤ ቀጥሎ «ኃላፊዎቹ እያዩት ነው»። በአራተኛው ሳምንት «ቢያንቶ» ብላ ብቻ ጻፈችለት፤ በፈረንሳይኛ «በቅርቡ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስልኳ ይጠራል እንጂ አይነሣም።

ጎረቤታችን ግን ልጄን ባየችው ቁጥር በር ላይ ታስቆመዋለች።

«መኪና ሰጡህ ወይስ ገና ነው? ፊት ለፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እናትህ ከኋላ ትሁን!»

እሱም ይስቅላታል፤ ቤት ገብቶ ግን ምሳውን ሳይነካው ይነሣል።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ወረቀት ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ለሚገኘው ትንሽ ቢሮው የጻፈው የሥራ መልቀቂያ ነበር። እዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር ጭነት ሰነድ ሲያዘጋጅ ኖሯል።

«እሑድ ጠዋት አስገባዋለሁ» አለኝ። «የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ደብዳቤው ሲመጣ ዝግጁ ካልሆንኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ከመጣ ነው እንጂ።»

«እማዬ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የነገርሽው አንቺ አይደለሽ? አሁን ደግሞ ከመጣ?»

የያዘውን ሥራ በእኔ ወሬ ምክንያት ሊጥለው እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኩት።

«‹ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው› የሚለውን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደ ጻፍኩ ታውቃለህ?»

«ውሸት ነበር?»

«አልነበረም። ፋይሉ በእርግጥ ከበላይ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መቼ እንደሚወርድ ግን እኔም አላውቅም፤ አላውቅም ብሎ መጻፍ ደግሞ አልተፈቀደልኝም። ሰዎቹ መስኮቴ ላይ መጥተው መቼ ነው ሲሉኝ በቅርቡ እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ‹የማን ፊርማ ነው የቀረው?› ብለው ጠየቁኝ። እሱን አውቅ ነበርና ነገርኳቸው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና አጠገቤ ተቀመጠ።

የሽማግሌውን ጥያቄ ለሴትዮዋ በጽሑፍ እናቅርብላት፤ ደብዳቤውን እኔ ላርቅቅ አልኩ። ፈረንሳይኛዬ ዛሬም አይታማም፤ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩለት። አነበበና ለብዙ ቀናት ያልሰማሁትን ሣቅ ሣቀ።

«እማዬ፣ ይሄ የተጻፈው ለሰው ኃይል ክፍል ነው ለፕሬዚዳንት?»

ገጹን ወደ አራት ዓረፍተ ነገር አወረደው። ሥራውን አሁንም እንደሚፈልግ፤ የቀረው ማጽደቅ ምን እንደሆነና ከማን እንደሚጠበቅ እንዲነገረው፤ የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ ሳይደርሰው ያለበትን ሥራ መልቀቅ እንደማይችል፤ እስከ ሐሙስ መልስ ካላገኘ ሌሎች ዕድሎችን መከታተሉን እንደሚቀጥል። ቁጣም ልመናም አልነበረበትም። የመጨረሻውን የአክብሮት ሰላምታ ብቻ ለእኔ ሲል ተወልኝ። የመልቀቂያውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ በዚያው ቀን ማመልከቻውን ለሌሎች ሁለት ድርጅቶች ላከ።

ረቡዕ ከሴትዮዋ መልስ መጣ። የሥራ መደቡ በውጭ አገር ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ገና አልጸደቀም፤ ይጽደቅ አይጽደቅ እሷም አታውቅም፤ ቀን ልትሰጠው አትችልም። «ምን እንደምልህ ስላጣሁ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅርታ» ይላል መጨረሻው።

ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስድስት ሳምንት የጠበቀው ነገር ስለነበር ፊቱን ማየት ከበደኝ።

«እንግዲህ የለም ማለት ነው» አለ።

«ለአሁኑ የለም።»

«የኔው ቢሮ ግን አለ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምሳ አለ?»

ሲበላ አጠገቡ ቆይቼ ነጠላዬን ደረብኩና ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝና መመለሱም የእኔ ሥራ ነው።

«የልጄ ሥራ አልሆነም» አልኳት። «ሳይፈረም ነበር የነገርኩሽ።»

እጄን ያዘችኝ። «መኪናው ይቅር፤ እኔም መኪና ላይ ስወጣ ያቅለሸልሸኛል» አለችና ለልጄ ብላ በሰሐን ቴምር አስያዘችኝ።

ስመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

ሰሐኑን ከእጄ ተቀበለኝ። «በቃል ብቻ?» አለ እየሣቀ። «አስፈርመሻት አትመጪም ነበር?»