ማመልከቻ ያልሆነ ደብዳቤ

በፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የሚጽፈውን ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ እያነበበ ይሠራል። ዛሬ ተራዬን ስጠብቅ ለራሱ ይጽፍ ነበር። «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀመረና ሰረዘው።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለወንድሜ። ከሞተ ዓመት ሆነው፤ ሰባት ዓመት ተኳርፈን ነበር።» ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስላል። «እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። ሆስፒታል ያለች አማካሪ ጻፍለት አለችኝ። አይላክም። ብቻ በሆዴ የማመላልሰውን ጠብ ማንም ሳያቋርጠኝ እጨርሰዋለሁ።»

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

«በቤት ስሙ ትጠራዋለህ። አንድ ቀን መርጠህ የሆነውን ትነግረዋለህ። ከዚያ ያመመህን፣ የራስህን ጥፋት፣ የናፈቀህን። እሱስ ምን ይለኝ ነበር ብለህ መልሱን ትጽፋለህ። ተሰናብተኸው ጮክ ብለህ ታነበዋለህ።» ፈገግ አለ። «እኔ ግን ክስ ይሆንብኛል። የለመደ እጅ ምን ይደረግ!»

አዲስ ወረቀት አወጣ።

«አንተ ቀጮ» አለ እየጻፈ። የእናታቸውን ቀብር ቀን፣ ወንድሙ በሰው ፊት የሰደበውን ስድብ ጻፈ። የራሱ ጥፋት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። በዚያው ደረቅ ድምፅ ቀጠለ፦ «ታመህ ስትደውል ስልኩ በእጄ ነበር። አላነሳሁልህም።»

«የኔ ይቆይ ግዴለም» አልኩት።

ቀና ሳይል ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።