በርጩማ ላይ የተወረደ እስክስታ

እሌኒ ከተራራው ሰፈር ከጨነቅ ስትመለስ ጉልበቷ እንጨት ሆኖ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ለተጓዦች ስታበስል፣ ዳገት ስትወጣ ቁልቁለት ስትወርድ ሰንብታለች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ፣ በደባርቅ የኪነት ቡድን ሳለች፣ «ትከሻዋ አጥንት የለውም» ይሏት ነበር። ዛሬ ያንን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ከሚያስታውሱት አንዷ ሕሩይ የሚባል ወጣት እናት ናቸው። ሕሩይ በኮምፒውተሩ ለአንድ የልጆች ፊልም አኒሜሽን ይሠራል። በፊልሙ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ሰርግ ላይ እስክስታ ትወርዳለች። ከራሱ አስቦ ሲሠራው ልጅቷ ብርድ ያንቀጠቀጣት መሰለች። ስለዚህ እሌኒ እንድትወርድለት፣ እሱም ቀርጾ ቪዲዮውን እያየ ልጅቷን እንዲያንቀሳቅስ እናቱን አማላጅ ላከ። እሌኒ ማረፍ ነበር ያማራት፤ ግን የእናቱን ቃል መመለስ ከበዳት።

በማግስቱ ጉሙ ሳይመጣ፣ ሕሩይ በጠዋት ፀሐይ ግቢው ውስጥ አቆማት። አንድ ስልክ ከፊቷ፣ ሌላ ከጎኗ አቆመ። እንቅስቃሴዋን በቪዲዮው ለመከተል እንዲቀለው ትከሻዋ፣ ክርኗና ጉልበቷ ላይ ደማቅ ፕላስተር ለጠፈ። ሁለቱን ቪዲዮ ኋላ ለማገጣጠም እንዲመቸው አንዴ አጨብጭቦ የከበሮውን ድምፅ ከፈተ። እሌኒም አራት ጊዜ ወረደች።

ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ጠራት። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ቪዲዮውን እያስቆመ፣ የፊልሙን ልጅ አካል ምስል በምስል ከእሌኒ ጋር አስተካክሎ ነበር፤ ልጅቷ ግን ታነክሳለች።

«ጉልበቷን ላቃናው ብዬ ነበር፣ እትዬ» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እግሯ ተስተካከለ፤ ትከሻዋ ግን ከከበሮው ዘገየ።»

እሌኒ አሳየኝ አለችው። ቪዲዮው ቀስ እያለ ሲሄድ ራሷን አየች። ግራ እግሯ ክብደቷን ለመቀበል ይፈራል፤ ወገቧ እግሯን ይጠብቃል፤ ትከሻዋ ደግሞ ወገቧን። መዘግየቱ ከዚያ ነው የመጣው። ማርጀቷን ታውቅ ነበር፤ እንዲህ ተዘርዝሮ ግን አይታው አታውቅም። አልተቆጣችም፤ ደከማት ብቻ።

«ታዲያ ለልጅቷ የእኔ ጉልበት ምን ያደርግላታል?» አለች። «በርጩማ አምጣልኝ። ትከሻውን ተቀምጬ እሰጥሃለሁ፤ እግሩን አንተ ፈልግ።»

ተቀምጣ ወረደች። ጉልበቷ ዝም ሲል ትከሻዋ ከከበሮው ጋር እኩል ወደቀ፤ አንገቷም ተከተለ። ሕሩይ ሁለተኛ ቀረጻ አልጠየቀም። ከወገብ በላይ ያለውን ከዚህ ቪዲዮ ወሰደ፤ ልጅቷ ግን ቆማ ነውና የምትጨፍረው፣ ወገቧንና እግሯን በየምቱ ክብደቷ የሚያርፍበትን እየለየ በእጁ ሠራው።

ሥራው ሲያልቅ አሳያት። ትንሿ ልጅ እንደ ላባ ቀልላ ትወርዳለች። እሌኒ የልጅቷን እግር እየተከተለች አየች።

«ጥሩ እግር ሰጥተሃታል» አለችው በመጨረሻ።

ድገምልኝ አለችው፤ ደገመላት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ቅዳሜ ከተጓዦች ጋር ወደ አምባራስ ትወጣለች፤ በርበሬም ሽንኩርትም ገና አልገዛችም።